የታደሰ ስልክ ወይስ አዲስ? ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ወጪ

(በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩን ወጣቶች ሰው በየጊዜው የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ። ስልካቸውን ከፍተው ሁለት ማስታወቂያ ያሳዩንና «ልጆች፣ ይሄኛው 2,400 ሸቀል ይላል፣ ያኛው ደግሞ 1,650 ይላል። ስልኩ ግን አንድ ነው። ርካሹን ብገዛው ምን አለበት?» ይሉናል። ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል «ግዙ» ወይም «አትግዙ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው አብረን እናሰላለን። ስልኩ አይፎን 14 ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የወጣው ማለት ነው። የምንጠራቸው ዋጋዎች ለማነጻጸር የያዝናቸው ናቸው፤ የገበያው ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። በዕብራይስጥ ማስታወቂያ ላይ «ሐዳሽ»፣ «ሚታጹጋ»፣ «መሑዳሽ»፣ «ያድ ሽኒያ» የሚሉትን ታያላችሁ። ሐዳሽ አዲስ ነው። ሚታጹጋ ሱቅ ውስጥ ለዕይታ ቆሞ የነበረ ነው። ያድ ሽኒያ እንዳለ፣ ማንም ሳይፈትሸው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚያልፍ ነው። መሑዳሽ ማለትም የታደሰ የሚባለው ደግሞ ሰው ተጠቅሞበት የተመለሰ፣ ከዚያም አንድ ሰው ፈትሾና ጠርጎ፣ የተበላሸውን ቀይሮ እንደገና የሚሸጠው ነው። ችግሩ ያለው «አንድ ሰው» የተባለው ላይ ነው። ራሱ አፕል ሲያድስ ባትሪውንና የውጭ አካሉን በአዲስ ቀይሮ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል። አማዞን ላይ `Renewed` በሚል ስም የሚሸጠው ግን በተለያዩ ሻጮች የታደሰ ነው፤ ባትሪው ከአዲሱ አቅም 80 በመቶ ያህል ቢይዝ ይበቃል፣ ገዢው የሚመልስበት ጊዜም 90 ቀን ነው። አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ላይ ያለ ሻጭ ደግሞ ስክሪኑን ጠርጎ ብቻ «መሑዳሽ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሦስቱም «የታደሰ» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የትየለሌ ነው። ስለዚህ ሁለት ማስታወቂያ ስታነጻጽሩ በእውነቱ የምታነጻጽሩት ሁለት ስልክ ሳይሆን የሁለት ሻጮችን ቃል ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንግባ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነውና።

አፕል ራሱ እንደሚለው የአይፎን 14ና ከእሱ በፊት የወጡ አይፎኖች ባትሪ የተሠራው 500 ሙሉ ዙር ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ከአዲሱ አቅም 80 በመቶውን እንዲይዝ ነው። ከአይፎን 15 ጀምሮ ቁጥሩ 1,000 ዙር ሆኗል። አንድ ዙር ማለት የባትሪውን ሙሉ መጠን አንዴ መጨረስ ነው፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አንድ ዙር ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ የሚውል ወጣት (እዚህም አንዳንዶቹን እያየናቸው ነው) በቀን አንድ ዙር ይጨርሳል። ስለዚህ 500 ዙር አንድ ዓመት ከግማሽ እንኳ አይሞላም።

«80 በመቶ ካለው ምን ችግር አለው? ማታ ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል እንጂ» የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው መጠን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ በአንድ ጊዜ ኃይል የመስጠት ጉልበቱም ይደክማል። ካሜራ ስትከፍቱ ወይም ቪዲዮ ስትደውሉ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ያረጀው ባትሪ ያንን መስጠት ሲያቅተው 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ብርድ ደግሞ ያብሰዋል። በጥር ወር ማታ ኢየሩሳሌም ውስጥ አውቶቡስ እየጠበቀ ስልኩ የጠፋበት ሰው የምንለው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር አምኗል፤ ምክንያቱ ይኸው ድንገተኛ መጥፋት ነበር። ብዙ ቁጣ ስለተነሣ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ በአሜሪካ ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ፤ በመጋቢት 2018 ደግሞ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየው ገጽ ወደ ስልኩ ገባ። ዛሬ ሁላችንም የምናየው ቁጥር ከዚያ ግርግር የተወለደ ነው።

ገጹ `Settings` ውስጥ `Battery`፣ ከዚያ `Battery Health` ላይ ነው። `Maximum Capacity` የሚለውን ታያላችሁ። 88 ካለ 88 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ሦስት ዓመት ያገለገለ ስልክ 100 በመቶ ካሳየ ደስ ሊለን ሳይሆን ልንጠይቅ ይገባል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባትሪው ስለተቀየረ ነው፤ በምን ባትሪ ተቀየረ? ለዚህ `Settings`፣ `General`፣ `About` ግቡ። ባትሪው ወይም ስክሪኑ ተቀይሮ ከሆነ እዚያ `Parts and Service History` የሚል ክፍል ይመጣል። `Genuine Apple Part` ካለ ትክክለኛው ዕቃ ነው። `Unknown Part` ካለ ግን ወይ የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ወይ ከሌላ ስልክ ወጥቶ የገባ ነው፤ የጤንነቱን ቁጥርም እንዳለ ማመን አይቻልም። የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ ብዙ የሚሠሩ አሉ። ግን ሻጩ ሳይነግራችሁ ገብቶ ከሆነ ሌላም ያልነገራችሁ ነገር እንዳለ ጠርጥሩ።

እዚያው ገጽ ላይ የሞዴሉ ቁጥር የሚጀምርበት ፊደል አለ። `M` ከሆነ ስልኩ መጀመሪያ የተሸጠው እንደ አዲስ ነው፤ `F` ከሆነ አፕል ያደሰው ነው፤ `N` ከሆነ ለተበላሸ ስልክ ምትክ ሆኖ የተሰጠ ነው። አንዳንድ ሻጮች «እዩ፣ ኤም ነው፤ አዲስ ነው» ይላሉ። ሌላ ሰው ያደሰው ስልክም እኮ ፊደሉ `M` እንደሆነ ይቀራል! ፊደሉ `F` ወይም `N` ከሆነና «አዲስ» ተብሎ ከተሸጠላችሁ ግን በእጃችሁ ማስረጃ አለ ማለት ነው። «ሐዳሽ» ተብሎ የተገዛውን ደግሞ ተከታታይ ቁጥሩን `checkcoverage.apple.com` ላይ አስገቡት። ዋስትናው ከወራት በፊት መቁጠር ጀምሮ ከሆነ ያ ስልክ እናንተ ጋር ከመድረሱ በፊት ሳይከፈት አልቀረም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ሦስት ቅናሽ ቀርቦልናል እንበል። አንደኛው አዲስ፣ በዚህ አገር ሻጭ፣ 2,400 ሸቀል፣ የአንድ ዓመት ዋስትና። ሁለተኛው የታደሰ፣ እሱም በዚህ አገር ሻጭ፣ 1,650 ሸቀል፣ የስድስት ወር ዋስትና፣ «ባትሪ ቢያንስ 80 በመቶ»። ሦስተኛው የታደሰ ከአሜሪካ፣ በሸቀል ሲመታ 1,250።

ሦስተኛው ዓይን ይስባል። ማጓጓዣው 80 ሸቀል ቢሆን 1,330 ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ስልክ ላይ ማዓም፣ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ማጓጓዣው ተጨምሮ ነው። ይህ ወደ 240 ሸቀል ይመጣል። አመላላሹ ዕቃውን ለማስለቀቅ 50 ሸቀል ቢጠይቅ 1,620 ሆነ። ከአገር ውስጡ የታደሰ ስልክ ጋር ያለው ልዩነት 30 ሸቀል ብቻ ቀረ። ለዚያ 30 ሸቀል ብለን ዋስትናችንን ውቅያኖስ ማዶ አስቀመጥን። አንድ የማይታሰብ ነገር እንጨምር፤ የታደሰ ስልክ ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች ክፉው የባትሪ ማበጥ ነው፤ ስክሪኑ በጠርዙ በኩል ብድግ ይላል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ በአውሮፕላን መላክ ክልክል ነው፤ እሳት ስለሚያስነሣ። ስለዚህ ስልኩን መመለስ የሚያስፈልጋችሁ በዚያ ቀን መመለስ አትችሉም። ሦስተኛውን እዚህ ላይ እንተወው።

አሁን አዲሱና የአገር ውስጡ የታደሰ ቀሩ። ልዩነቱ 750 ሸቀል ነው። ግን የታደሰው ባትሪ 82 ወይም 84 ሆኖ ቢመጣ በዓመት ውስጥ መቀየሩ አይቀርም። መቀየሪያውን 350 ሸቀል እንበለው። ልዩነቱ 400 ሆነ። ስልኩን ሦስት ዓመት ብንጠቀምበት አዲሱ በወር 67 ሸቀል ገደማ፣ የታደሰው 56 ገደማ ይወጣበታል። ልዩነቱ በወር 11 ሸቀል ነው። ለዚያ 11 ሸቀል አዲሱ የሚሰጠን ስድስት ወር ተጨማሪ ዋስትና፣ ከዚህ በፊት ውኃ ውስጥ አለመግባቱን ማወቅና ያልተከፈተ አካል ነው። አይፎን 14 ውኃ የመቋቋም ደረጃ አለው፤ ስልክ ተከፍቶ ሲዘጋ ግን ያ መከላከያ እንደ ፋብሪካው ላይሆን ይችላል፤ ውኃ ያበላሸውን ደግሞ ዋስትና አይሸፍንም።

በእኛ አስተያየት የባትሪው ወጪ ከተጨመረ በኋላ ልዩነቱ ከአዲሱ ዋጋ ሩቡን ካልሞላ አዲሱን መግዛት ይሻላል። እዚህ 400 ከ2,400 ሩቡን አይደርስም። ግን ያው ሻጭ «አዲስ ባትሪ ተቀይሮለታል፤ ዋስትናውም አንድ ዓመት ነው» ብሎ በጽሑፍ ቢሰጣችሁስ? ያኔ የባትሪው 350 ይነሣል፣ ልዩነቱ 750 ሆኖ ይቆያል፤ ከሩብ በላይ ነው፤ እኛም የታደሰውን እንገዛ ነበር። ስልኩ ያው፣ ዋጋው ያው፤ መልሱን የለወጠው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ሶፍትዌርንም በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። የታደሰውም አዲሱም አይፎን 14 ከአፕል ማሻሻያ መቀበል የሚያቆሙት በአንድ ቀን ነው። ካርቶኑ ዛሬ ስለተከፈተ ስልኩ ዕድሜ አይጨምርም። ስለዚህ ያረጀ ሞዴል በ«አዲስ» ዋጋ ሲቀርብላችሁ የወጣበትን ዓመት እዩ።

ቀጥሎ ስለ ሻጭ ኮከቦች። አንድ ሻጭ 100 በመቶ አለው፣ ግን 15 ሰው ብቻ ነው የመዘነው። ሌላው 96 በመቶ አለው፣ 8,000 ሰው መዝኖታል። ብዙ ሰው 100 በመቶውን ይመርጣል። ከ15 ሰው አንድ ቢከፋ ግን ቁጥሩ ወደ 93 ይወርዳል፤ ገና ምንም አልተነገረንም ማለት ነው። ከ8,000ው ውስጥ ደግሞ 320 ያህል የተከፉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው ሀብታችን። አምስት ኮከብ የሰጡትን ዝለሉና የእነዚህን የቅርብ ወራት ጽሑፍ አንብቡ። «ዘግይቶ ደረሰ» የሚለውን እለፉት። «ባትሪው» እና «ገንዘቤን አልመለሱም» የሚሉትን ፈልጉ። ሁለቱ ተደጋግመው ከመጡ በቃ፣ ወደ ሌላ ሻጭ ሂዱ።

ኮከቡን በልኩ ለማየት ሰው መቼ እንደሚሰጠው አስቡ። ዕቃው በደረሰ ቀን ወይም በሳምንቱ ነው። ያኔ ስልኩ ያበራል፣ ያብረቀርቃል። ባትሪው የሚያስቸግረው በሦስተኛው ወር ነው፤ በዚያን ጊዜ ተመልሶ ኮከቡን የሚቀይር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮከብ የሚለካው የመጀመሪያውን ሳምንት ነው፤ የቀሩትን ወራት የሚመልሰው ዋስትናው ብቻ ነው። ደግሞ ሻጩ ምን ሲሸጥ ኮከቡን እንደሰበሰበ እዩ። ከቨርና ገመድ እየሸጠ ያገኘው 5,000 ኮከብ ስለ ስልኩ ምንም አይነግረንም።

ወደ መብታችን እንምጣ። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ (የ1981ዱ) መሠረት ከዚህ አገር ነጋዴ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛችሁትን ዕቃ፣ ከደረሳችሁ ወይም የግዢው ዝርዝር በጽሑፍ ከደረሳችሁ ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየው ተወስዶ፣ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ያለ ምክንያት ከሰረዛችሁ ነጋዴው የሚቆርጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ለ1,650 ሸቀሉ ስልክ 5 በመቶው 82 ሸቀል ከ50 ነው፤ ከዚያ በላይ መቁረጥ አይችልም። ስልኩ ጉድለት ካለው ወይም እንደተነገረው ካልሆነ ያንንም አይቆርጥም።

ይህን ወላጆቻችን በደንብ ያዙልን፤ 65 ዓመት የሞላቸው፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ኦሌ ሐዳሽ ሆነው አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ከ14 ቀን ይልቅ አራት ወር አላቸው። ቅድመ ሁኔታው በግዢው ጊዜ ከሻጩ ጋር ንግግር መደረጉ ነው፤ በስልክም ሆነ በጽሑፍ መልእክት። ስለዚህ አያታችሁ ሲገዙ ዝም ብላችሁ «ግዛ» የሚለውን አትጫኑ። ለሻጩ ጻፉለት፤ «ባትሪው ስንት በመቶ ነው? ተቀይሯል? ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ የጥገናው ቦታስ የት ነው?» በሉት። መልሱን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። መልሱም ይጠቅማችኋል፣ መነጋገራችሁም ይመዘገባል።

14ቱን ቀን ደግሞ አታባክኑ። ስልኩ በደረሰ ዕለት `*#06#` ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ። የቀድሞው ባለቤት የአፕል መለያ እንዳልቀረበት እዩ፤ ከቀረ ስልኩ የእናንተ አይሆንም። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ እንደ ወትሮው ተጠቀሙበት። ቁጥሩ ከ30 ወደ 10 የሚዘል ከሆነ፣ ሥራ ሳይኖረው የሚግል ከሆነ፣ ወይም ስክሪኑ በጠርዙ ብድግ ካለ ወዲያው መልሱት።

በስብሰባው መጨረሻ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር። አንድ አባት «እኔ ከኢትዮጵያ ጎዳና ወርጄ ያፎ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች በእጄ ዳስሼ ብገዛ አይሻልም ወይ?» አሉ። አባታችን፣ ልክ ነው፤ የነገርናችሁን ገጾች ሁሉ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባንኮኒው ላይ ማየት ይችላሉ፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን የነገርናችሁ የ14 ቀን መብት ከሩቅ ለሚገዛ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለተገዛ ያለው የመመለሻ ደንብ ሌላ ነው፤ ተከፍቶ ሥራ ላይ የዋለን ስልክ መመለስም ይከብዳል። ስለዚህ እዚያው ይፈትሹ፣ ደረሰኙ ላይም «መሑዳሽ» መሆኑን፣ የባትሪውን ቁጥርና የዋስትናውን ወር ያስጽፉ። ከግለሰብ፣ በያድ ሽኒያ ለሚገዛ ግን ይህ የሸማቾች ሕግ ጭራሹን አይሠራም፤ ሕጉ የሚይዘው ነጋዴን ነው።

አንዲት እናት ደግሞ «ለእህቴ ልጅ ጎንደር ልልክለት ነው፤ ከአሜሪካ የታደሰ አይፎን 14 አግኝቻለሁ» አሉ። እማማ፣ እሱን ይተዉት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ልጁ ያለውን ሲም ካርድ የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። አይፎን 13 ወይም ለሌላ አገር ገበያ የተሠራውን 14 ይፈልጉ፤ ሻጩንም ከጎን በኩል የሲሙ ማስገቢያ የሚታይበትን ፎቶ ይጠይቁት።